ቶንሲል ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሲወጣ፦ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው መቼ ነው? ዕረፍት የሚበቃውስ?

ጉሮሮ ሲከረክርና ምራቅ መዋጥ ሲያቅት ሁላችንም መስታወት ፊት ቆመን አፋችንን እንከፍታለን። ቶንሲሉ ቀልቶና አብጦ፣ ላዩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎ ከታየ ደግሞ «መግል ይዟል፣ አንቲባዮቲክ ካልተወሰደበት አይድንም» የሚለው ፍርድ ወዲያው ይሰጣል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ነጩ ነገር ብቻውን በሽታው በባክቴሪያ ይምጣ በቫይረስ አይናገርም። የሚናገሩት ከእሱ ጋር የመጡትና ያልመጡት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ይህ መመሪያ እነሱን አንድ በአንድ እንዴት እንደሚያዩ፣ ምርመራ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ መድኃኒት ከታዘዘ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ካልታዘዘስ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደረግ ያሳያል።

ነጩ ነገር ምንድን ነው?

የቶንሲል ገጽ ለስላሳ አይደለም፤ ብዙ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት። ጀርም ሲገባበት የሰውነት ነጭ የደም ሴሎች ወደዚያ ይጎርፋሉ። የሞቱት ሴሎች፣ ከገጹ የተላጡ ሴሎችና ከደም ሥር የሚወጣ ፕሮቲን ተደባልቀው በጉድጓዶቹ ውስጥ ሲጠራቀሙ ነጭ ወይም ቢጫማ ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ሰውነት ይህን የሚያደርገው ለባክቴሪያም ለቫይረስም ነው። እንዲያውም አዴኖቫይረስ የተባለው የጉንፋን ዓይነት ቫይረስና ሞኖኑክሊዮሲስ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ኤፕስታይን ባር ቫይረስ ቶንሲልን ከባክቴሪያ ባላነሰ ሁኔታ በነጭ ሊሸፍኑት ይችላሉ።

ከባክቴሪያዎች መካከል ዋናው ተፈላጊ ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ጉሮሯቸውን ከሚያማቸው 100 ልጆች ከ20 እስከ 30 በሚሆኑት፣ ከ100 አዋቂዎች ደግሞ ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይገኛል። የቀሩት አብዛኞቹ በቫይረስ የታመሙ ናቸው፤ ለእነሱ አንቲባዮቲክ ምንም አይረዳም።

መጀመሪያ፦ መጠበቅ የማይገባቸውን ይለዩ

ቶንሲሉን ለማየት ከመሞከርዎ በፊት የታመመውን ሰው በሩቁ ይመልከቱት። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ ትተው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

- ለመተንፈስ ይቸገራል፣ ወይም ሲተነፍስ ሲር የሚል ድምፅ ያሰማል።
- ምራቁን መዋጥ አቅቶት በአፉ ይዝረበረባል፣ ወይም ወደ ፊት አጎንብሶ ካልተቀመጠ አየር ያጥረዋል።
- አፉን በደንብ መክፈት አቃተው፤ ድምፁም ትኩስ ምግብ አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ታፍኗል። ይህ ብዙ ጊዜ ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሮ እብጠት ሲሆን የሚመጣ ነው። ሕመሙ በአንድ ወገን ይበረታል፤ እንጥሉም ወደ ጤነኛው ወገን ይገፋል። ይህ መግል በሐኪም ካልወጣ ክኒን ብቻውን አይበቃውም።
- ነጠብጣብ ሳይሆን ግራጫማ ሽፋን ቶንሲሉን አልፎ ወደ እንጥልና ወደ ላንቃ ተዘርግቷል፣ ሲነካ ይደማል፣ አንገቱም አብጧል። ይህ ዘጊ አናዳ ወይም ዲፍቴሪያ ሊሆን ይችላል። በተለይ ክትባት ያልጨረሰ ልጅ ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።
- ሕፃኑ እየፈዘዘ ነው፣ ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት አልሸናም፣ ሲያለቅስም እንባ የለውም።

ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ምራቅ የሚያዝረበርብ ልጅ አፍ ውስጥ ማንኪያ አያስገቡ። የጉሮሮው ክዳን አብጦ ከሆነ ይህ ብቻ አየሩን ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል።

ሌሎች ሁለት ዓይነት ሰዎችም አሉ። ድንገተኛ ምልክት ባይታይባቸውም በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። አንደኛው ከዚህ በፊት የሩማቲክ ትኩሳት ወይም የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ነው። ሁለተኛው ነጭ የደም ሴልን ሊያወርድ የሚችል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው፤ ለምሳሌ የካንሰር ኬሞቴራፒ፣ ለእንቅርት የሚሰጠው ካርቢማዞል፣ ወይም ሜቶትሬክሴት። እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ሲመጡ በዚያው ቀን የደም ሴል ቆጠራ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ በደንብ ይመልከቱ፣ ይዳስሱ

ይህ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የታመመው ሰው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ እርስዎ ፊት ለፊት ሆነው የስልክዎን መብራት ያብሩ። «ኣኣኣ» እያለ አፉን ይክፈት። ምላሱ ካስቸገረ የንጹሕ ማንኪያን እጀታ ምላሱ መሐል ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑ። ወደ ኋላ ጠልቀው ከነኩት ያስመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጅ ከሆነ ሁለተኛ አፉን አይከፍትልዎትም።

የሚያዩት ይህን ነው። ቶንሲሉ ቀልቷል? አብጧል? ነጩ በሁለቱም ወገን ነው ወይስ በአንድ? እንጥሉ መሐል ላይ ነው? ላንቃው ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያክሉ ቀያይ ነጥቦች አሉ? እነዚህ የላንቃ ነጥቦች ካሉ ነገሩ ወደ ስትሬፕቶኮከስ ያዘነብላል። በሌላ በኩል ጉንጭ ውስጥና ምላስ ላይ ቁስል ካለ ወደ ቫይረስ ያዘነብላል።

ነጩን ነገር በጣት፣ በጥጥ ወይም በማንኪያ ለመፋቅ አይሞክሩ። ከጉድጓዱ ውስጥ ስለሚወጣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ትርፉ ማድማትና ማቁሰል ነው።

ቀጥሎ አንገቱን ይዳስሱ። በሁለት ጣቶችዎ ጫፍ ከመንጋጋው ማዕዘን በታች፣ ከአንገቱ ፊት ለፊት በኩል ቀስ አድርገው ይጫኑ። እዚያ ያለው ንፍፊት አብጦ ሲነካ የሚያም ከሆነ አንድ ቁም ነገር አግኝተዋል ማለት ነው። ከዚያ ጣትዎን ወደ አንገቱ ኋላ፣ ከጆሮ በታች ወዳለው ጎንና ማጅራት ይውሰዱት። ያበጠው በዋናነት የኋለኛው ከሆነ የሚጠረጠረው ሌላ ነው፤ ስለ ሞኖኑክሊዮሲስ ስናነሳ እንመለስበታለን።

በመጨረሻ ትኩሳቱን በቴርሞሜትር ይለኩ። ግንባርን በእጅ መዳሰስ አይበቃም፤ የሚቀጥለው እርምጃ 38 ዲግሪ ማለፍ አለማለፉን ይጠይቃል። ማስታገሻ ከወሰደ ብዙ ሳይቆይ ከለኩት ግን ቁጥሩ ያሳስታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመስጠትዎ በፊት ይለኩ።

ሦስተኛ፦ ነጥቡን ይቁጠሩ

ሐኪሞች ለዚህ ነገር ቀላል የነጥብ አቆጣጠር አላቸው። በ1981 ሴንተር በተባለ ሐኪም ስም የወጣ ሲሆን በኋላ ዕድሜ ተጨምሮበታል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይስጡ፦

1. ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ
2. ሳል ከሌለ
3. የፊተኛው የአንገት ንፍፊት አብጦ ሲነካ ካመመ
4. ቶንሲሉ ካበጠ ወይም ነጭ ከያዘ
5. ዕድሜው ከ3 እስከ 14 ዓመት ከሆነ

ከ15 እስከ 44 ዓመት ለሆነ ሰው በዕድሜ ምንም አይጨመርም። 45 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ አንድ ነጥብ ይቀነሳል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነጭ ነጠብጣቡ ከአምስቱ አንዱ ብቻ መሆኑ ነው። እንደ ትኩሳቱ አንድ ነጥብ፣ እንደ ሳል አለመኖር አንድ ነጥብ።

ድምሩ ዜሮ ወይም 1 ከሆነ ስትሬፕቶኮከስ የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ10 አይበልጥም፤ ምርመራም አንቲባዮቲክም አያስፈልግም። 2 እና 3 ከሆነ ምርመራ ይወስነዋል። 4 እና 5 ከሆነም ዕድሉ ወደ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ደግሜ የምለው ብዙ ሰው ስለማያምነው ነው፤ ምልክቱ ሁሉ የተሟላበት ሰው እንኳ ሳይመረመር አንቲባዮቲክ ቢሰጠው በሁለት ሰው አንድ ጊዜ ያህል ያለ ጥቅም ይሰጠዋል። ለዚህ ነው ምርመራ ባለበት ሁሉ መመርመር የሚመረጠው።

የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የዓይን መቅላትና ተቅማጥ በነጥቡ ውስጥ ባይገቡም ሲገኙ ፍርዱን ወደ ቫይረስ ይጎትቱታል። በተቃራኒው ሕመሙ በሰዓታት ውስጥ ድንገት ከጀመረ፣ ልጁ ሆዱን ካመመውና ካስመለሰው፣ ወይም ቆዳው ላይ ሲዳሰስ ሸካራ የሆነ ደቃቅ ቀይ ሽፍታ ከወጣ ወደ ስትሬፕቶኮከስ ያዘነብላል።

በአንድ ቤት ሁለት ታማሚዎች

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የ6 ዓመት ልጅና የ17 ዓመት ወንድሟ በአንድ ሳምንት ጉሮሯቸውን አመማቸው እንበል። ሁለቱም ቶንሲል ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ።

ልጅቱ ትናንት ከሰዓት ድረስ ደህና ስትጫወት ነበር። ማታ ድንገት መዋጥ አቃታት፣ አንዴ አስመለሳት። ትኩሳቷ 38.9 ነው፣ ሳል የላትም፣ ከመንጋጋዋ ሥር ሲነካ ትጮኻለች። ትኩሳት 1፣ ሳል አለመኖር 1፣ ንፍፊት 1፣ ነጭ 1፣ ዕድሜ 1፤ ድምሩ 5።

ወንድሟን ካመመው ሦስት ቀኑ ነው። በአፍንጫ ፈሳሽ ጀመረ፣ አሁን ይስላል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ትኩሳቱ 37.7 ነው፣ አንገቱን ሲጫኑት አያመውም። የሚያገኘው ነጥብ ለነጩ ብቻ ነው፤ ድምሩ 1።

የሁለቱን ጉሮሮ ፎቶ አንስቶ ጎን ለጎን ለሚያይ ሰው ልዩነት ላይታየው ይችላል። እሷ ግን መመርመር አለባት፤ እሱ ደግሞ ቤት ማረፍ ይበቃዋል።

አራተኛ፦ ምርመራው

ፈጣኑ ምርመራ በጥጥ ዘንግ ከጉሮሮ ናሙና ተወስዶ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ነው። አወሳሰዱ ትክክል ካልሆነ ግን ውጤቱ ዋጋ የለውም። ዘንጉ ሁለቱንም ቶንሲሎችና የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ በደንብ ማሸት አለበት፤ ምላስና ጉንጭ መንካት የለበትም። ልጁ ሲወራጭ ዘንጉ ምላሱን ብቻ ነክቶ ከወጣ ናሙናው በድጋሚ እንዲወሰድ ይጠይቁ። ቤት ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ ከምርመራው በፊት መውሰድም ባክቴሪያውን ሳያጠፋ ውጤቱን ይደብቃል።

ፈጣኑ ምርመራ አለ ካለ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የለም ሲል ግን አንዳንዱን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ልጅ ከሆነና ጥርጣሬው ከጸና በላቦራቶሪ የሚበቅል የጉሮሮ ናሙና ይላካል፤ ውጤቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ ይህ አያስፈልግም። ኤ ኤስ ኦ የሚባለው የደም ምርመራ ግን ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። የሚያሳየው ሰውነት ቀደም ሲል ከስትሬፕቶኮከስ ጋር መገናኘቱን እንጂ የዛሬው ሕመም በእሱ መምጣቱን አይደለም። «ኤ ኤስ ኦ ከፍ ብሏል» ተብሎ ለዛሬ ጉሮሮ አንቲባዮቲክ መጀመር ትክክል አይደለም።

ውጤቱን አንድ ወይም ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈራል? አያስፈራም። ምክንያቱም የአንቲባዮቲኩ ዋና ዓላማ ጉሮሮውን ማዳን አይደለም። ከ100 ታማሚዎች 80 የሚሆኑት ያለ አንቲባዮቲክም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይድናሉ፤ አንቲባዮቲኩ ሕመሙን በአማካይ የሚያሳጥረው ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ነው። ዋናው ዓላማ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ነው። ይህ ሰውነት ባክቴሪያውን ለማጥቃት ያዘጋጀውን መከላከያ ሳምንታት ቆይቶ በራሱ መገጣጠሚያና የልብ ክዳን ላይ ሲያዞረው የሚመጣ ሕመም ነው። ሕክምናው ጉሮሮው ማመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ይህን መከላከል ይችላል። ስለዚህ ለመመርመር ጊዜ አለ።

ምርመራ በሌለበት ቦታ ውሳኔው የጤና ባለሙያው ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም በሚበዛበት አካባቢ፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ባለሙያው በነጥብ ብቻ ተነስቶ ቢያክም ትክክል ነው፤ አንድ አላስፈላጊ መድኃኒት ከተጎዳ የልብ ክዳን ይሻላል። ከ3 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ግን ይህ በሽታ እምብዛም ስለማይመጣ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራም አይታዘዝም።

አምስተኛ፦ ባክቴሪያ ከሆነ

ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርጫ አሮጌውና ቀላሉ መድኃኒት ነው፦ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ በጡንቻ የሚወጋ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን። የመርፌው መጠን ከ27 ኪሎ በታች ለሆነ 600 ሺህ ዩኒት፣ 27 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው። 10 ቀን መድኃኒት ማስጨረስ ለሚከብደው ቤተሰብ መርፌው አስተማማኝ ነው። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ምርመራው ስትሬፕቶኮከስ አለ አለ። ክብደቷ 20 ኪሎ ነው። የአሞክሲሲሊን መጠን በቀን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ1000 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ 20 ሲባዛ በ50 ልክ 1000 ሚሊ ግራም ይሆናል። በእጅ ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ የቀኑ መጠን 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንዴ በአንድ ጊዜ፣ ወይም ጠዋት 10 ማታ 10።

አሁን ጠርሙሱን ይመልከቱት። 100 ሚሊ ሊትር ነው። በቀን 20 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ በአምስተኛው ቀን ያልቃል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ ልጅቱ ትኩሳቷ ጠፍቶ፣ ነጩ ለቆ፣ እየሮጠች ነው። «ጨረሰች፣ ዳነች» ተብሎ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ማንም ቸልተኛ ሆኖ አይደለም፤ ጠርሙሱ ራሱ ሕክምናው ያለቀ አስመስሎታል። ለ10 ቀን ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጠርሙስ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይገዛ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሳያልቅ በውሃ አይበጥበጥ፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው ለተወሰነ ቀን ብቻ ነው፣ መለያው ላይ ተጽፏል። በእያንዳንዱ ጊዜ ከመቅዳትዎ በፊት ጠርሙሱን ይነቅንቁት፣ መድኃኒቱ ታች ስለሚዘቅጥ። መጠኑንም በወጥ ማንኪያ ሳይሆን በሚሊ ሊትር በተሰመረበት መለኪያ ወይም ሲሪንጅ ይስፈሩ።

መድኃኒቱ ሲሠራ ትኩሳቱ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይወርዳል። ከ24 ሰዓት በኋላ ትኩሳት ከሌላት ትምህርት ቤት መሄድ ትችላለች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሌላ የማስተላለፍ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። በሦስተኛው ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ሌላ ጠንካራ መድኃኒት ከፋርማሲ ከመጠየቅ ይልቅ ተመልሶ መታየት ይሻላል። ምናልባት ከቶንሲሉ ጀርባ መግል ቋጥሯል። ወይም ልጅቱ ባክቴሪያውን ሳትታመምበት በጉሮሮዋ ይዛ የምትኖር ሆና ያሁኑ ሕመሟ የቫይረስ ነው፤ በትምህርት ቤት ዕድሜ ያሉ ጤነኛ ልጆች መካከል እንዲህ ይዘውት የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም።

ዶክሲሳይክሊንና ኮትራይሞክሳዞል ለዚህ ባክቴሪያ አስተማማኝ ስላልሆኑ አይተኩትም። አዚትሮማይሲንም ለሦስት ቀን ብቻ ስለሚወሰድ ይወደዳል፤ ባክቴሪያው በብዙ ቦታ ስለተላመደው ግን ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ይቆይ።

ስድስተኛ፦ ዕረፍት የሚበቃው ሲሆን

ወንድሟ ቤት ነው የሚውለው። የቫይረስ የጉሮሮ ሕመም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከአራተኛው ጀምሮ ይቀልላል፣ በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ነጩ ከሕመሙ በኋላ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ መዋጥ ከቀለለውና ትኩሳት ከሌለው ነጩን እያዩ መጨነቅ አያስፈልግም።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በቂ ነው። ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊ ግራም ሳያልፍ ይወሰዳል። ብዙዎቹ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ መውሰድ መጠኑን ያሳልፋል፤ ማሸጊያውን ያንብቡ። ለልጅ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ20 ኪሎዋ ልጅ 300 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ከሆነ 12.5 ሚሊ ሊትር፣ 250 ሚሊ ግራም ከሆነ 6 ሚሊ ሊትር። በቀን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሁለቱን ሽሮፖች ማምታታት በጣም ቀላል ነው፤ በቀለሙ ሳይሆን በቁጥሩ ይለዩት። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

ማስታገሻውን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መስጠት ይረዳል፤ ያን ጊዜ መዋጥ ስለሚቀልለው ይበላል፣ ይጠጣል። መጠጡ ለብ ያለ ይሁን ቀዝቃዛ ልዩነት የለውም፤ የሚቀልለው የትኛው እንደሆነ ታማሚው ራሱ ይምረጥ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት ያስታግሳል፤ ሳይውጥ መጉመጥመጥ ለማይችል ትንሽ ልጅ ግን አይሆንም። ማርም ያለሰልሳል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም።

ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ሕመሙ ቀልሎ ከቆየ በኋላ እንደገና ከበረታ፣ ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ ወይም ሳምንት አልፎ ካልተሻለው መታየት አለበት።

ወንድሟ የእሷን መድኃኒት ቢወስድስ?

ይህ በብዙ ቤት የሚደረግ ነው፤ «የሁለታችሁም አንድ ዓይነት ነው» ተብሎ ከአንዱ ጠርሙስ ለሁለቱ ይቀዳል። የመጀመሪያው ጉዳት የእሷ 10 ቀን መጉደሉ ነው። ሁለተኛው የሚያሳስበው በእሱ ዕድሜ ሞኖኑክሊዮሲስ ስለሚበዛ ነው። ይህ በሽታ ቶንሲልን በሰፊው ነጭ ያደርጋል፣ የአንገትን የኋለኛ ንፍፊት ያሳብጣል፣ የዓይን ቆብ ያሳብጣል፣ ከአልጋ የማያስነሳ ድካም ያመጣል፤ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። እንዲህ ያለ ታማሚ አሞክሲሲሊን ሲወስድ ብዙ ጊዜ ገላው በሙሉ በቀይ ሽፍታ ይሸፈናል። ሽፍታው ብዙውን ጊዜ እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ አይደለም። ሆኖም «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ይመዘገብና ዕድሜ ልኩን ጥሩውን መድኃኒት ያጣል።

ሞኖኑክሊዮሲስ በደም ምርመራ ይለያል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ግን ምርመራው ሊስተው ስለሚችል ምልክቱ ከቀጠለ ይደገማል። በዚህ ሕመም ጣፊያ ስለሚያብጥ ከጀመረ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት እግር ኳስ፣ ትግልና ከባድ ዕቃ ማንሳት ይቅር። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት ሥር ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም ከተሰማው ጣፊያው ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

በሽታ ሳይኖር ነጭ ሲታይ

ትኩሳት የለም፣ መዋጥ አያምም፣ ግን ቶንሲሉ ላይ አንድ ሁለት ነጫጭ ፍርፋሪ ይታያል፣ አፍም ይሸታል። ይህ የምግብ ርዝራዥና የሞቱ ሴሎች በጉድጓዱ ውስጥ ሲደርቁ የሚፈጠር የቶንሲል ጠጠር ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ከምግብ በኋላ በውሃ ጠንከር አድርጎ መጉመጥመጥ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል።

ነጩ ቶንሲሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ምላስና ጉንጭ ላይም እንደ እርጎ ተለጥፎ ከታየ የአፍ ፈንገስ ይጠረጠራል። ለአስም የሚነፋ ስቴሮይድ ተጠቅሞ አፉን የማይጉመጠመጥ ሰው ላይ ይታያል። ይህ ምክንያት ከሌለ ግን የሰውነት መከላከያ መዳከሙን ሊጠቁም ስለሚችል የኤች አይ ቪና የስኳር ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ሆኖ ከሦስት ሳምንት በላይ የማይለቅ እብጠት ወይም ቁስል ደግሞ፣ በተለይ በአዋቂ ላይ፣ በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት።

ከዳኑ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ልጅቱ 10 ቀኑን ከጨረሰች በኋላ ድጋሚ የጉሮሮ ምርመራ አያስፈልጋትም። ቤተሰብ ግን እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ዓይኑን ይጣልባት። ሽንቷ የሻይ ቀለም ከያዘ ወይም ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ካበጠ ኩላሊቷ መታየት አለበት። ጉልበቷ አብጦ አሟት ሲሻላት ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወይም ወደ ክርኗ ከዞረ፣ ስትሮጥ እንደ ድሮዋ ትንፋሽ ካልበቃት፣ ወይም እጇ ሳትፈልግ መወራጨት ከጀመረ፣ ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ሊሆን ይችላል። የእጅ መወራጨቱ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጉሮሮዋን መቼ እንዳመማት፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደችና ስንት ቀን እንደወሰደች ይናገሩ።